አይቪው እጥፍ ሆነ፣ ኦፕሽኑ ግን ረከሰ፦ ከኩባንያ ውጤት በፊት ቁጥሩን እንዴት እናንብበው?

ጥያቄ፦ «አንድ ኩባንያ ረቡዕ ገበያው ከተዘጋ በኋላ የሩብ ዓመት ውጤቱን ያወጣል። አክሲዮኑ አሁን 100 ዶላር ነው። አርብ የሚያበቃው የ100 ኮል አይቪው ከሁለት ሳምንት በፊት 50 በመቶ ነበር፣ ዛሬ ረቡዕ 100 በመቶ ደርሷል። የሆነ ነገር የሚያውቁ ሰዎች እየገዙ ነው ማለት ነው? አክሲዮኑስ እጥፍ ሊሆን ይችላል? ባለፈው ሩብ ዓመት ኮል ገዝቼ አክሲዮኑ 3 በመቶ ወጥቶልኝ እንኳ ከስሬአለሁ፣ ምክንያቱ እስካሁን አልገባኝም። ኮሉ ዛሬ 3.60 ነው፣ ፑቱ 3.50። ልግዛ?» ከቨርጂኒያ

ምላሽ፦ አይደለም፣ አክሲዮኑ እጥፍ ይሆናል የሚል ነገር እዚያ ቁጥር ውስጥ የለም። የሚያውቅ ሰው ገዝቷል የሚልም የለም። ኢምፕላይድ ቮላቲሊቲ፣ ሁላችንም በአጭሩ አይቪ የምንለው፣ ከኦፕሽኑ ዋጋ ወደ ኋላ ተሰልቶ የሚገኝ ቁጥር ነው። በመጀመሪያ ገዢና ሻጭ በዋጋው ይስማማሉ። ከዚያ ኮምፒዩተሩ ከ1973 ጀምሮ በሚታወቀው የብላክና የሾልስ ቀመር ይህን ዋጋ ይዞ፣ «ይህ ዋጋ ተገቢ እንዲሆን አክሲዮኑ በዓመት ምን ያህል መወዛወዝ አለበት?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ በዓመት መጠን የተገለጸ በመቶኛ ነው። እርስዎ ግን የያዙት የሁለት ቀን ዕድሜ የቀረው ኦፕሽን ነው። የዓመቱን ቁጥር ለሁለት ቀን እንደ ወረደ ማንበብ፣ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚል የመኪና ፍጥነት አይቶ ከቤት እስከ ሱቅ 100 ኪሎ ሜትር ነው እንደማለት ነው።

አቅጣጫም አይናገርም። ኮል አክሲዮኑን አስቀድሞ በተቆረጠ ዋጋ የመግዛት መብት ነው፣ ፑት ደግሞ የመሸጥ መብት፣ ያ የተቆረጠው ዋጋ ስትራይክ ይባላል። በዚያው በ100 ስትራይክ ላይ ያለውን ፑት ይክፈቱና አይቪውን ይዩት። እሱም 100 በመቶ አካባቢ ሆኖ ያገኙታል። በአንድ ስትራይክና በአንድ ማብቂያ ቀን ላይ ያሉ ኮልና ፑት በአይቪ ተራርቀው አይቆዩም፣ ከተራራቁ ነጋዴዎች ወዲያው ልዩነቱን ገዝተውና ሸጠው ይዘጉታልና። ስለዚህ የኮሉ አይቪ መውጣቱ «ወደ ላይ ይሄዳል» የሚል ወሬ ቢሆን ኖሮ የፑቱ አይቪ አብሮ የወጣበት ምክንያት አይኖርም ነበር።

ከ50 ወደ 100 የሄደው ለምንድን ነው? እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንሂድ፣ ምክንያቱም የውጤት ሰሞን ስህተት አብዛኛው የሚነሳው ከዚህ ነው። አንድ ቤተሰብ በየቀኑ ትንሽ የአስቤዛ ወጪ አለው እንበል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ ድግስ አለበት፣ ድንኳኑም ሥጋውም መጠጡም የሚከፈለው በዚያ ቀን ነው። ዛሬ ተቀምጦ የመጪዎቹን 12 ቀናት አማካይ የቀን ወጪ ቢያሰላ የድግሱ ወጪ ለ12 ይካፈላልና መካከለኛ ቁጥር ያገኛል። የድግሱ ዋዜማ ላይ ተቀምጦ የቀሩትን 2 ቀናት አማካይ ቢያሰላ ግን ቁጥሩ ይቆለላል። ድግሱ አልተወደደም፣ የሚካፈልባቸው ቀናት ናቸው ያነሱት። አይቪ ማለት ይኸው አማካይ ነው። በቀሩት ቀናት ሁሉ ላይ የተካፈለ እንጂ የውጤቱን ቀን ለብቻው የሚያሳይ ቁጥር አይደለም።

በእርስዎ ቁጥሮች እንየው። አሜሪካ ውስጥ በዓመት 252 ያህል የግብይት ቀናት አሉ፣ የ252 ስኩዌር ሩት ደግሞ 15.9 ነው። ብዙ ሰው በልቡ 16 ብሎ ያካፍላል። 100 በመቶ ለ15.9 ሲካፈል በቀን 6.3 በመቶ ይሆናል። አርብ እስኪያበቃ የቀሩት የግብይት ቀናት ሁለት ናቸው፣ ውጤቱን የሚቀበለው ሐሙስና ተራ ቀን የሆነው አርብ። መወዛወዝ በቀጥታ አይደመርም፣ የሚደመረው ስኩዌሩ ነው። የ6.3 ስኩዌር 39.7 ነው፣ ለሁለት ቀን 79.4። አክሲዮኑ ውጤት በሌለበት ሰሞን አይቪው 32 በመቶ ገደማ ነበር እንበል፣ ይህም በተራ ቀን 2 በመቶ ማለት ነው፣ ስኩዌሩ 4። 79.4 ላይ የአርብን 4 ስንቀንስ ለሐሙስ ብቻ 75.4 ይቀራል። ስኩዌር ሩቱ 8.7 በመቶ ነው። ገበያው ለውጤቱ ቀን የሰጠው መጠን ይህ ነው።

አሁን ወደ ሁለት ሳምንት በፊት ይመለሱ። ያን ጊዜ 12 የግብይት ቀናት ነበሩ፣ 11 ተራ ቀናትና አንድ የውጤት ቀን። አስራ አንዱ ተራ ቀን በ4 ሲባዛ 44 ነው፣ የውጤቱን 75.4 ስንጨምር 119.4። ለ12 ሲካፈል በቀን 9.95፣ ስኩዌር ሩቱ 3.15፣ በ15.9 ሲባዛ 50 በመቶ። እርስዎ ያዩት 50 ይኸው ነው! ያን ቀንም ገበያው ለውጤቱ የሰጠው ያንኑ 8.7 በመቶ ነበር። በሁለቱ ሳምንታት ውስጥ ስለ ኩባንያው የማንም ሐሳብ አልተለወጠም። የተለወጠው የቀናቱ ቁጥር ብቻ ነው።

ይህን ካዩ በኋላ የሚቀጥለው ነገር አያስገርምዎትም። አይቪው እጥፍ ሲሆን ኦፕሽኖቹ ረክሰዋል። የ100 ኮልና የ100 ፑት አንድ ላይ ሲገዙ ስትራድል ይባላል። ዛሬ 3.60 እና 3.50 ሲደመሩ 7.10 ዶላር ናቸው። ከሁለት ሳምንት በፊት፣ አክሲዮኑ ያኔም 100 ላይ ከነበረ፣ ይኸው ስትራድል 8.70 ገደማ ያወጣ ነበር፣ ምክንያቱም በውስጡ 11 ተራ ቀናትም ነበሩበት። «አይቪ ከውጤት በፊት ስለሚወጣ ቀድሜ ገዝቼ በዋዜማው እሸጣለሁ» የሚለውን ምክር ሰምተው ከሆነ፣ በዚህ ምሳሌ ያን ያደረገ ሰው 100 አክሲዮን በሚይዝ አንድ ኮንትራት 160 ዶላር ያህል ያጣል። አይቪው እንደጠበቀው እጥፍ ሆኗል፣ ገንዘቡ ግን ቀንሷል። አክሲዮኑ በመካከል ጥሩ ካልተንቀሳቀሰ ወይም የውጤቱ ግምት ራሱ ካላደገ በስተቀር የአይቪው መውጣት የቀናቱን መበላት ሙሉ በሙሉ አያካክስም።

የውጤቱ ግምት ራሱ ያደገበትን ጊዜ ግን መለየት ይቻላል። በዚሁ ምሳሌ 7 የግብይት ቀናት ሲቀሩ፣ ምንም አዲስ ነገር ካልመጣ፣ አይቪው 60 በመቶ አካባቢ መሆን አለበት። ስድስት ተራ ቀን 24፣ ሲደመር 75.4፣ ለ7 ሲካፈል 14.2፣ ከዚያ ስኩዌር ሩቱ በ15.9። ያን ቀን 60 ካዩ ወደ ሥራዎ ይሂዱ። 70 ካዩ ግን ለውጤቱ ቀን የተሰጠው መጠን ከ8.7 ወደ 10.6 በመቶ አድጓል ማለት ነው፣ የሆነ ነገር ገበያውን አስግቶታል። ምናልባት ተፎካካሪ ኩባንያ ቀድሞ መጥፎ ውጤት አውጥቷል፣ ምናልባት የኩባንያው አመራር ተለውጧል። ትርጉም ያለው ንባብ ይህ ነው፣ አይቪው ወጣ ወይ ሳይሆን መውጣት ከሚገባው በላይ ወጣ ወይ። ስሌቱን በወረቀትም በኤክሴልም መሥራት ይችላሉ። `E` ለውጤቱ ቀን የተሰጠው መጠን፣ `n` የቀሩት የግብይት ቀናት፣ `b` ደግሞ የአንድ ተራ ቀን መጠን ነው።

```
E = sqrt( IV^2 * n / 252  -  b^2 * (n - 1) )
```

በእርስዎ ሁኔታ `IV` 1.00፣ `n` 2፣ `b` 0.02 ነው፣ `E` 0.087 ይወጣል። ለ`b` የሚሆን ቁጥር ማግኛው ከሁሉ የሚሻለው ውጤቱ ከመውጣቱ በፊት የሚያበቃ ሳምንታዊ ኦፕሽን ካለ የእሱን አይቪ ማየት ነው፣ እሱ ድግሱን አልያዘምና። ከሌለ አክሲዮኑ ካለፈው ውጤት በኋላ ጸጥ ባለበት ሰሞን የነበረውን አይቪ ይውሰዱ። ሁለት ቀን ብቻ ሲቀር `b` ላይ ትንሽ ቢሳሳቱ መልሱ ብዙም አይነካም። በወር ኦፕሽን ላይ ግን ያ ስህተት ትልቅ ይሆናል።

የወሩን ኦፕሽን ካነሳሁ አይቀር፣ በዛሬው ቀን በዚሁ አክሲዮን ላይ 21 የግብይት ቀናት የቀሩትን ኦፕሽን ቢከፍቱ አይቪው 43 በመቶ ገደማ ነው። ያው ውጤት፣ ያው 8.7 በመቶ፣ ነገር ግን ለ21 ቀን የተካፈለ። አንዳንድ አፖች በአክሲዮኑ ፊት ገጽ ላይ የሚያሳዩት የ30 ቀን ድብልቅ አይቪ ነው፣ የኦፕሽኖቹ ዝርዝር የሆነው ኦፕሽን ቼን ውስጥ ሲገቡ ደግሞ የየማብቂያ ቀኑ ለየብቻ ይታያል። ሁለት ጓደኛሞች አንዱ 43 አንዱ 100 ብለው ስልክ ላይ ሲከራከሩ ሰምቻለሁ። ሁለቱም ትክክል ነበሩ፣ የተለያየ መስመር ላይ ነበር ያነበቡት።

ይህ ሁሉ ስሌት ከበዛብዎት፣ ውጤቱ ዋዜማ ላይ አጭሩ መንገድ ስትራድሉን ራሱን ማንበብ ነው። 7.10 ዶላር በ100 ዶላር አክሲዮን ላይ 7.1 በመቶ ነው። ጋዜጠኞች «ኦፕሽን ገበያው የ7 በመቶ እንቅስቃሴ ይጠብቃል» የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ይህን አንብበው ነው። ታዲያ 7.1 እና 8.7 ለምን ተለያዩ? 8.7 ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ነው፣ 7.1 ደግሞ አቅጣጫው ሳይታይ የሚጠበቀው አማካይ ርቀት ነው። በተለመደው የደወል ቅርጽ ስርጭት አማካዩ ርቀት የስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 0.8 ያህል ነው። ሁለቱም ስለ አንድ ነገር ይናገራሉ፣ የሚያደናግረው ሰዎች ሳይለዩ ሲቀላቅሏቸው ነው። አንዳንድ አፕ ደግሞ ስትራድሉን በ0.85 አባዝቶ የራሱን ቁጥር ያወጣል። ስለዚህ «የሚጠበቀው እንቅስቃሴ» የሚል ጽሑፍ ሲያዩ ከየትኛው እንደወጣ የአፑን ማብራሪያ ይክፈቱ፣ ካልሆነም ኮሉንና ፑቱን በራስዎ ይደምሩ።

አማካይ የሚለው ቃል ላይ ልቆይ፣ ብዙ ሰው 7 በመቶን እንደ አጥር ያየዋል። «ከ93 በታች አይወርድም፣ ከ107 በላይ አይወጣም» ይላል። አጥር አይደለም። በደወል ቅርጹ ስሌት እንኳ አክሲዮኑ በስትራድሉ ስፋት ውስጥ የሚቆየው ከመቶ 58 ጊዜ ያህል ብቻ ነው፣ በቀረው 42 ያልፈዋል። እውነተኛ የውጤት ቀናት ደግሞ የደወል ቅርጽ የላቸውም። ብዙ ትንንሽ ቀናትና ጥቂት እጅግ ትልልቅ ቀናት አሉባቸው። የሜታን ስድስት ተከታታይ ውጤቶች ይመልከቱ። በፌብሩዋሪ 2023 ውጤቱ በወጣ ማግስት አክሲዮኑ 23 በመቶ ወጣ፣ በኤፕሪል 14 በመቶ ወጣ፣ በጁላይ 4 በመቶ ወጣ፣ በኦክቶበር 4 በመቶ ገደማ ወረደ፣ በፌብሩዋሪ 2024 20 በመቶ ወጣ፣ በኤፕሪል 2024 ወደ 11 በመቶ ወረደ። አቅጣጫውን ትተን አማካዩን ብናወጣ ወደ 13 በመቶ ነው። ከስድስቱ አንዱም ግን 13 ላይ በትክክል አላረፈም፣ ሁለቱ ከ5 በታች፣ ሁለቱ 20ና ከዚያ በላይ ናቸው። ስትራድሉ 13 ቢል ኖሮ ትክክል በሆነ ነበር፣ ያን አጥር አድርጎ የሸጠ ሰው ግን በሁለቱ ፌብሩዋሪዎች ክፉኛ በተመታ ነበር።

የሚጠበቀው መጠን ከዚህ የተነሳ ከትንበያ ይልቅ ዋጋ ነው ብለው ይያዙት። ሻጩ ስትራድሉን የሚሸጠው እንደ ኢንሹራንስ ኩባንያ ነው፣ ለሚሸከመው አደጋ ትንሽ ጭማሪ ይፈልጋል። በኤፕሪል 20 ቀን 2022 ኔትፍሊክስ በአንድ ቀን 35 በመቶ ሲወርድ ሻጮች ያን ጭማሪ ለምን እንደሚጠይቁ ታይቷል። ስለዚህ ዋጋው ብዙ ጊዜ ከሚሆነው ነገር ከፍ ብሎ ቢገኝ ገበያው ተሳሳተ ማለት አይደለም።

አቅጣጫን በተመለከተ አንድ ምሳሌ ይበቃል። በኦገስት 28 ቀን 2024 ኤንቪዲያ የሩብ ዓመት ሽያጩ 30 ቢሊዮን ዶላር መድረሱን አስታወቀ፣ ከዓመት በፊት ከነበረው ከእጥፍ በላይ፣ ከተንታኞች ግምትም በላይ። በማግስቱ አክሲዮኑ 6.4 በመቶ ወረደ። ከሦስት ወር በፊት በሜይ ሌላ ጥሩ ውጤት ሲያወጣ ግን 9 በመቶ ወጥቶ ነበር። አክሲዮኑ የሚንቀሳቀሰው ባለአክሲዮኖች አስቀድመው በዋጋው ካስገቡት ተስፋ አንጻር እንጂ ውጤቱ በራሱ ጥሩ በመሆኑ አይደለም። አይቪ ደግሞ ስለዚያ ተስፋ አቅጣጫ ምንም አይነግርዎትም።

አሁን ወደ ኪሳራዎ። ያለፈውን ጊዜ ዋጋ ስላልጻፉልኝ በዛሬው ቁጥር ላሳይዎት፣ ነገሩ አንድ ነው። ዛሬ ገበያው ሊዘጋ ሲል፣ በኢስተርን ሰዓት 4:00 ከመድረሱ በፊት፣ ኮሉን በ3.60 ገዙ እንበል፣ ለአንድ ኮንትራት 360 ዶላር ከፈሉ። ኩባንያው ከመዝጊያው በኋላ ውጤቱን ያወጣል። አክሲዮኑ ማታውኑ ይንቀሳቀሳል፣ የእርስዎ ኦፕሽን ግን ተዘግቷል፣ መሸጥ አይችሉም። ሐሙስ 9:30 ላይ ሲከፈት አክሲዮኑ 103 ነው። ደስ ብሎዎት አፑን ሲከፍቱ ኮሉ 3.10 ነው። ሦስት ዶላሩ አክሲዮኑ ከስትራይኩ በላይ የሄደው ነው፣ አስሯ ሳንቲም የቀረው ጊዜ ዋጋ ናት። ትናንት ማታ ግን የ3.60ው ጠቅላላ ዋጋ የጊዜና የውጤት ዋጋ ነበር። ድግሱ አለፈ፣ አይቪው ከ100 ወደ 32 ወረደ፣ ነጋዴዎች አይቪ ክራሽ የሚሉት ይኸው ነው፣ መጨፍለቅ ማለታቸው ነው። በአቅጣጫው ትክክል ሆነው በኮንትራት 50 ዶላር ከሰሩ። ኮሉን እስከ አርብ ይዘው ለመትረፍ አክሲዮኑ ከ103.60 በላይ መሄድ ነበረበት። የገዙት «ወደ ላይ ይሄዳል» የሚለውን አልነበረም፣ «ገበያው ዋጋ ከሰጠው በላይ ወደ ላይ ይሄዳል» የሚለውን ነበር።

እዚህ ላይ ጥቂት ጥንቃቄዎች አሉ፣ ሦስቱም ከስሌቱ በፊት የሚመጡ ናቸው። የመጀመሪያው ቀኑ ነው። አፑ ላይ ያለው የውጤት ቀን አንዳንዴ ካለፉት ዓመታት የተገመተ እንጂ ኩባንያው ያረጋገጠው አይደለም። የኩባንያውን የባለሀብቶች ገጽ ይክፈቱና ቀኑንም፣ ገበያው ከመከፈቱ በፊት ወይስ ከተዘጋ በኋላ እንደሆነም ያረጋግጡ። ኦፕሽን ቼኑም ራሱ ይመሰክራል። ውጤቱን የያዘው የመጀመሪያው ማብቂያ ቀን አይቪው ከበፊቱ በአንድ ጊዜ ዘሎ ይታያል፣ ከዚያ በኋላ ያሉት እየወረዱ ይሄዳሉ። ዝላዩ እርስዎ ካሰቡት ሳምንት ውጭ ከሆነ ቀኑን የተሳሳቱት እርስዎ ነዎት፣ ገበያው አይደለም።

ሁለተኛው ገዢ በሚሰጠው ዋጋ በቢድና ሻጭ በሚጠይቀው ዋጋ በአስክ መካከል ያለው ርቀት ነው። ኮሉ ቢድ 3.50 አስክ 3.70 ከሆነ መካከሉን 3.60 ብለን ማንበብ እንችላለን። ቢድ 2.50 አስክ 4.70 የሆነ ትንሽ ኩባንያ ላይ ግን መካከሉ ተመሳሳይ 3.60 ነው፣ ከዚያ የወጣው አይቪ ግን ምንም አይናገርም። በእንደዚህ ዓይነት ኦፕሽን ላይ የሚጠበቀውን መጠን አልነግርዎትም፣ ራሴም አላነብም።

ሦስተኛው፣ የአፖቹ አይቪ እርስ በርሱ የማይገጥምበት ምክንያት ነው። አንዱ ቀሪውን ጊዜ በ365 የዘመን ቀናት ይቆጥራል፣ ሌላው በግብይት ቀናት፣ ሌላው በሰዓት። ሁለት ቀን በቀረው ኦፕሽን ላይ ይህ አቆጣጠር ብቻውን አይቪውን በብዙ ነጥብ ሊለያየው ይችላል። የስትራድሉ ዋጋ ግን በማንኛውም አፕ 7.10 ነው። ዋዜማው ላይ አይቪውና የዶላሩ ዋጋ ከተጣሉብዎት ዶላሩን ይመኑ።

ልግዛ ላሉት፣ ኮሉን ለብቻው በ3.60 አይግዙ። ወደ ላይ ይሄዳል ብለው በእርግጥ ካመኑና ውጤቱን ማለፍ ከፈለጉ፣ የ100ውን ኮል ገዝተው የ107ቱን ኮል በዚያው ትእዛዝ ይሽጡ። 107ን የመረጥኩት ስትራድሉ የነገረን ርቀት ስለሆነ ነው። የ107ቱ ኮል በእነዚህ ዋጋዎች 1.10 ገደማ ያወጣል፣ ስለዚህ ጠቅላላው 2.50 ይሆናል፣ በኮንትራት 250 ዶላር። አክሲዮኑ 103 ላይ ሲከፈት የ107ቱ ኮል ወደ ጥቂት ሳንቲም ይወርዳል፣ እርስዎ የሸጡት እሱ ነውና መጨፍለቁ በከፊል ለእርስዎ ይሠራል። ያው 3 በመቶ በብቸኛው ኮል 50 ዶላር ሲያከስርዎት፣ በዚህኛው 50 ዶላር ያህል ያተርፍልዎታል። የሚከፍሉት ዋጋ ደግሞ ግልጽ ነው። አክሲዮኑ 115 ቢሄድም ከ450 ዶላር በላይ አያገኙም፣ ከ100 በታች ከቀረ ደግሞ 250ውን ሙሉ ያጣሉ። ያን 250 ማጣት የሚጎዳዎት ከሆነ ይህንም አይግዙ።

ከያዙት በአርብ ከመዝጊያው በፊት ሁለቱንም አንድ ላይ ይዝጉ፣ ለማብቂያው አይተዉት። አክሲዮኑ 104 ላይ ቢዘጋ የገዙት የ100 ኮል በራሱ ወደ 100 አክሲዮን ይለወጣል፣ የሸጡት የ107 ኮል ግን ባዶ ሆኖ ይጠፋል። ሰኞ ጠዋት 10,000 ዶላር የተከፈለበት አክሲዮን አካውንትዎ ውስጥ ያገኛሉ፣ ያን ያህል ገንዘብ ከሌለዎት ብሮከሩ ራሱ ይሸጥብዎታል ወይም ገንዘብ አስገባ ይልዎታል።

ስትራድሉን መሸጥም ይፈትንዎት ይሆናል፣ «መጨፍለቁ ለሻጭ ከሆነ እኔም ሻጭ ልሁን» ብለው። ያለ መከላከያ አይሽጡ። የሚያገኙት ትልቁ ነገር 710 ዶላር ነው፣ አክሲዮኑ እንደ ኔትፍሊክስ 35 በመቶ ቢወርድ ግን በአንድ ኮንትራት ወደ 2,800 ዶላር ያጣሉ፣ ያም ሌሊት ነው የሚሆነው፣ ገበያው ተዘግቶ እጅዎ ታስሮ።

ዛሬ ምንም ባይገዙ ደግሞ የምመክርዎት ይህን ነው። ከ4:00 በፊት የስትራድሉን ዋጋ፣ የአክሲዮኑን ዋጋና ከቀመሩ የወጣውን `E` በአንድ መስመር ይጻፉ። ሐሙስ ሲዘጋ ከረቡዕ መዝጊያ እስከ ሐሙስ መዝጊያ ስንት በመቶ እንደሄደ አጠገቡ ያስቀምጡ። የማታውን ዝላይ አይጻፉ፣ ማታ የሚታየው ብዙ ጊዜ አመራሩ ከተንታኞች ጋር በሚያደርገው የስልክ ስብሰባ ላይ ይገለበጣል። በዚያው ኩባንያ ላይ አራት ሩብ ዓመት እንዲህ ከመዘገቡ በኋላ በሚቀጥለው ጊዜ 3.60 ውድ ነው ወይስ ርካሽ የሚለውን ከእኔ ይልቅ ከራስዎ ደብተር ያገኙታል።